ደብዳቤሽን ከቆጣሪው ጀምሪው

«ሰላም ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በውሃ ምህንድስና ተመርቄ ደሴ ሶስት አመት ሰርቻለሁ። ለጀርመን ማስተርስ ስኮላርሺፕ ላመለክት ነው። ደብዳቤዬ ‹ውሃ ህይወት ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለውሃ ልዩ ፍቅር ነበረኝ› ብሎ ይጀምራል። ጓደኛዬ ያረጀ አጀማመር ነው አለችኝ። በምን ልተካው? የተለየ ታሪክ የለኝም እኮ። ጽሁፉን ልኬልሃለሁ።»

ሰላም እህቴ፣ ጽሁፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ታሪክሽ አራተኛው ፓራግራፍ መሀል ተቀብሮ ነው ያለው፣ «የደንበኞችን የቢል ቅሬታ በማጣራት ተሳትፌያለሁ» ብለሽ በአንድ መስመር ያለፍሽው ማለቴ ነው። ትናንት ስንደዋወል ስለሱ ስጠይቅሽ ሩብ ሰአት ሙሉ ሳታቆሚ ነው ያወራሽኝ፣ እኔም ሳላስበው እስክሪብቶ አንስቼ መጻፍ ጀመርኩ።

ጓደኛሽ ልክ ናት። ስምሽን በእጅሽ ሸፍነሽ የመጀመሪያውን ፓራግራፍ እንደገና አንብቢው፣ አብራሽ የተመረቀች ልጅ ስሟን ብትጽፍበት ቅር የሚል ነገር አለው? የለውም። ቀጥሎ የመጣው «ኢትዮጵያ የአፍሪካ የውሃ ማማ ናት» የሚለውም ያው ነው፣ የሚያነብሽ ፕሮፌሰር ይህን ያውቃል፣ የማያውቀው አንቺን ነው።

እና በስልክ ከነገርሽኝ ያወጣሁት ይሄ ነው። ጦሳ ስር ያለ ሰፈር አንዲት እናት ቢላቸው በአንድ ወር እጥፍ ሆኖ መጥተው አለቀሱብሽ። ፍሳሽ ፈለግሽ፣ የለም። ከዛ ውሃው በፈረቃ የሚለቀቅበትን ሌሊት ጠብቀሽ 11 ሰአት ላይ ቆጣሪያቸው ጋ ቁጭ አልሽ፣ ቧንቧው «እስስስ» ይላል፣ ጠብታ የለም፣ ቆጣሪው ግን ይዞራል። ባለ 20 ሊትሯ ጀሪካን እስክትሞላ ቆጣሪው 31 ሊትር ቆጥሯል። ውሃው በጠፋባቸው ቀናት ቧንቧው ውስጥ የገባው አየር ነው፣ ውሃው ሲመለስ ከፊቱ እየገፋው ቆጣሪውን የሚያዞረው። ይሄን እኮ ከደሴ ውጪ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም!

አሁን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፊው፣ ወደ እንግሊዝኛ በኋላ ትመልሺዋለሽ፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ስትጀምሪ እጅሽ የለመደውን ሀረግ ይዞ ይመጣል። እኔ እንዲህ ሞከርኩት፦

«ከንጋቱ 11 ሰአት ላይ የአንዲት ደንበኛ የውሃ ቆጣሪ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቧንቧው አየር ብቻ ይተነፍሳል፣ ቆጣሪው ግን ይዞራል። የመጀመሪያዋ 20 ሊትር ጀሪካን ስትሞላ ቆጣሪው 31 ሊትር መዝግቦ ነበር። ሴትየዋ የከፈሉት ለአየር ጭምር እንደሆነ ለአለቃዬ አሳየሁ፣ የዛ ወር ቢላቸው ተስተካከለ። በሰፈሩ ስንት ቤት እንዲህ እንደሚከፍል ግን መመለስ አልቻልኩም።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር እንዳትነኪያት፣ ደብዳቤውን የምትሸከመው እሷ ናት። ቀጣዩ ፓራግራፍ ከሷ ይነሳል፣ ግፊት በየሰአቱ የሚመዘግብ መሳሪያም ሆነ ኔትወርኩን በኮምፒውተር ሞዴል የማድረግ እውቀት አልነበረሽም፣ የምታመለክቺበት ፕሮግራም ደግሞ የውሃ ስርጭት ሞዴሊንግ ኮርስ አለው ብለሽኛል፣ በቃ ኮርሱን በስሙ ጠቅሰሽ እዛ ጋ አያይዢው። ያለዚህ ማያያዣ ታሪኩ ጥሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል፣ ብዙ ሰው ታሪክ አምጣ ሲባል የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ፈርቼልሻለሁ። አንደኛ የሴትየዋን ድህነትና እንባ አታስረዝሚው፣ ስማቸውንም አትጻፊ፣ አንባቢው ማየት ያለበት አንቺ ያደረግሽውን ነው። ሁለተኛ «የሰፈሩን ችግር ፈታሁ» እንዳትይ፣ አልፈታሽውም። የአየር ማስወጫ ቫልቭ ከፍታው ላይ ይገጠም ብለሽ ያቀረብሽው ሀሳብ በጀት የለም ተብሎ እንደቀረ ራስሽ ነግረሽኛል፣ እንደሆነው ጻፊው፣ ኢንተርቪው ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይሄንኑ ሊሆን ይችላል፣ እውነቱን ከጻፍሽ መልሱ እጅሽ ላይ ነው።

የመግቢያው ርዝመት ከአምስት ስድስት አረፍተ ነገር አይለፍ፣ ለጠቅላላው ያለሽ ሁለት ገጽ ነው። ግሬድሽንና ሰርተፊኬቶችሽን ከመግቢያው አውጪያቸው፣ ሲቪሽ ላይ አሉ።

አንድ የቀረ ነገር፣ ሪኮመንዴሽን የሚጽፍልሽ አለቃሽ የዛን ሌሊቱን ነገር ያስታውሳል? ደብዳቤውን ሳይጀምር ሄደሽ አስታውሺው፣ ያቺን 31 ሊትር የጻፍሽባትን ደብተርም ይዘሽ ሂጂ። አዲሱን መግቢያ እስከ ሀሙስ ከላክሽልኝ ቅዳሜ ፒያሳ ቁጭ ብለን እናየዋለን።