ጥያቄና መልስ፦ ቀኗ ሳይደርስ የተወለደች ሕፃን ለምን መተንፈስ ያቅታታል?

«ልጃችን በ29 ሳምንት፣ 1 ኪሎ ሆና ተወለደች። ሳንባ አላት፣ አየሩም ይገባል፤ ታዲያ ለምን ያቅታታል?»

አየሩ መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ ስታስወጣ ሳንባዋ ተመልሶ ይዘጋል። የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው በስስ ውሃ የተሸፈነ ነው። የውሃ ገጽ ደግሞ ሁሌም ለመጥበብ ይጎትታል፣ ከረጢቱንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህ የገጽ ውጥረት ነው። ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ጉተታው ይበረታል፤ ወርዱ በግማሽ ሲያንስ፣ እንዳይዘጋ የሚያስፈልገው ግፊት እጥፍ ይሆናል።

ጉተታውን የሚያላላው ሰርፋክታንት የሚባል የቅባትና የፕሮቲን ድብልቅ ነው። ከረጢቱ ሲያንስ ሰርፋክታንቱ ስለሚጠጋጋ፣ ይበልጥ የሚሠራው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። የሳንባ ሴሎች ማምረት የሚጀምሩት ከ24ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ በቂ የሚሆነው ግን ወደ 35ኛው ሲጠጋ ነው። የእናንተ ልጅ የተወለደችው መሃል ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። 1 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ 5 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ትፈልጋለች። የሳንባ ግፊት የሚለካው በውሃ ዓምድ ከፍታ ነው፤ ሳንባዋ በ1 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት 1 ሚሊ ሊትር የሚለጠጥ ቢሆን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃት ነበር። የመለጠጥ አቅሙ ወደ ሩብ ከወረደ ግን 20 ያስፈልጋታል፣ ያውም በእያንዳንዱ ትንፋሽ። የደረቷ አጥንት ገና ለስላሳ ስለሆነ ሳንባው ከመከፈት ይልቅ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ትደክማለች።

ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ በአፍንጫዋ የማያቋርጥ ግፊት እየሰጠ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ያደርጋል። ካልበቃ ሰርፋክታንት በቀጭን ቱቦ ወደ ሳንባዋ ይሰጣል። ከዚያ ሳንባው ቶሎ ሊላላ ይችላል፤ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከሆነች ግፊቱ ወዲያው ካልተቀነሰ ሳንባው ከመጠን በላይ ተነፍቶ ሊቀደድ ይችላል። ለዚህ ነው ነርሶቹ ከአጠገቧ የማይጠፉት።

«ነፍሰ ጡር ምን ብትበላ ሰርፋክታንት ይጨምርላታል?»

ምንም። በምግብ የሚመጣ ነገር አይደለም። የሚሠራው መርፌ ነው፤ ቤታሜታዞን ወይም ዴክሳሜታዞን። ቶሎ የመውለድ ስጋት ሲኖር ለእናት ይሰጣል፣ የፅንሱንም ሳንባ ያፋጥናል። ሙሉ ጥቅሙን ለማግኘት ከወሊድ በፊት 24 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀኗ ሳይደርስ ምጥ የጀመራት ወይም ውሃዋ የፈሰሰ ሴት «እስኪ ትንሽ ልየው» ብላ እቤት አትቆይ፤ የምታባክነው ይህንኑ ሰዓት ነው።

«ምክንያቱ መቼ ታወቀ?»

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ተመራማሪዎቹ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ እና ጄር ሚድ በዚህ የመተንፈስ ችግር የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት እንደሚጎድለው አሳዩ።

«የእህቴ ልጅ ቶሎ ተወልዶ ሲተነፍስ እህ፣ እህ ይላል። ሰዎች ‹ሆዱን ነፍቶት ነው› ይላሉ።»

እባካችሁ ሰዎቹን ተዉአቸው። ሕፃኑ አየር ሲያስወጣ ጉሮሮውን በከፊል እየዘጋ ነው፤ ጥቂት አየር ሳንባው ውስጥ አስቀርቶ ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ እየታገለ ነው። ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። የጎድን አጥንቶቹ መሃል ይሰረጉዳል? የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል? አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ትንፋሹ ከ60 ይበልጣል? ከነዚህ አንዱ ቢታይ፣ ወይም ድምፁ ብቻውን እንኳ ቢቀጥል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ድምፁ ጠፍቶ ሕፃኑ ቢዝል ደግሞ ተሻለው ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ አቅም አልቆበት ሊሆን ይችላል።