ቲኬት ከማንሳትዎ በፊት ርክክብ ያድርጉ

«ለአንድ የአሜሪካ ድርጅት በደንበኞች አገልግሎት ከቤት ሆኜ መሥራት ልጀምር ነው። ተራዬ ሲደርስ ቀጥታ የደንበኛ ጥያቄ የያዘ ቲኬት ላንሳ ወይስ መጀመሪያ ከቡድኑ ጋር ልነጋገር? ከተነጋገርኩስ ምን ብዬ?»

እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኜ ተመሳሳይ ሥራ እሠራለሁ፤ ፈረቃዬንም የምረከበው ማኒላ ካሉ ባልደረቦቼ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ይረከቡ። ወረፋው ረጅም በሆነበት ሰዓት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ለንባብ መስጠት ጊዜ ማባከን ሊመስልዎት ይችላል፤ ነገር ግን በዚህ ሥራ ከባዱ ጥፋት የሚደርሰው ትንሽ በመዘግየት ሳይሆን ሌላው ሰው የጀመረውን ጉዳይ እንደ አዲስ በመጀመር ነው።

ለዚህም ሰዓቱን በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። በኒውዮርክ አቆጣጠር 9:00 AM የሚጀምር ፈረቃ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይውላል፤ አሜሪካውያን በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን 11 ሰዓት ይሆናል፣ በማርች ሁለተኛ እሑድም እንደገና ወደ 10 ሰዓት ይመጣል። እኛ ሰዓት ስለማንቀይር፣ በማርች ያንን እሑድ ያላስተዋለ ሰው ሰኞ ዕለት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይገባና ወጪውን ተረኛ ያጣዋል። ለባልደረቦችዎ ሰዓት ሲጽፉም ሁልጊዜ በኒውዮርክ አቆጣጠር ከነ AM እና PM ይጻፉ።

ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው ቡድኑ መልእክት በሚለዋወጥበት ስላክ ላይ ያለውን የርክክብ ቻናል ነው፤ የቲኬት ሰሌዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የመጨረሻውን መልእክት ብቻ አላይም፤ ያለፈው ፈረቃዬ ካበቃበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ለደንበኞች እንዲሰጥ መሃል ላይ የተጻፈ ጊዜያዊ መፍትሔ መጨረሻ ላይ ተሽሮ ሊሆን ይችላልና። የቪዲዮ ስብሰባ ይህንን ይተካል ብዬ አላምንም፤ በጽሑፍ የቀረ ርክክብ ከሰዓታት በኋላም ተመልሶ ይነበባል።

ንባቡ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ጉዳይ ላሳይዎት። አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል እንበል። የማኒላው ባልደረባ ጉዳዩን ለፋይናንስ ክፍል አስተላልፎ፣ ለደንበኛው «ዛሬውኑ እናሳውቅዎታለን» ብሎ ቲኬቱን Pending ላይ አድርጎ ወጣ። ደንበኛው «ገንዘቤ እስካሁን አልተመለሰም» ብሎ ሲጽፍ ቲኬቶቹ የሚያዙበት ሶፍትዌር ዜንዴስክ ቲኬቱን በራሱ ወደ Open ይመልሰዋል። ቲኬቱ አሁንም በወጪው ተረኛ ስም ስለሆነ፣ እርስዎ ባለቤት የሌላቸውን ቲኬቶች ብቻ የሚያዩ ከሆነ ጨርሶ አያገኙትም፤ ደንበኛው ቃል በተገባለት ቀን ያለ መልስ ያድራል። ሁሉንም Open የሆኑ ቲኬቶች የሚያዩ ከሆነ ደግሞ አዲስ አቤቱታ ይመስልዎትና የመጨረሻውን መልእክት ብቻ አንብበው ገንዘቡን ይመልሱለታል፤ በዚያው ሰዓት ፋይናንስም መልሶለት ይሆናል፤ ከዚያ ድርጅቱ ገንዘቡን ከደንበኛው ሊለምን ነው። ይህ እንዳይሆን ቲኬቱ በማን ስም እንዳለ ይመልከቱ፤ ለደንበኛው የማይታየውን፣ በቢጫ መደብ የሚቀመጠውን የውስጥ ማስታወሻም ከላይ ጀምሮ ያንብቡ።

ምን ብለው እንደሚጽፉ ለጠየቁት፣ «ሰላም፣ ገብቻለሁ» ብቻ ማለት ለማንም አይጠቅምም። የትኛውን እንደተረከቡ፣ ምን እንዳልገባዎት እና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ይናገሩ፤ ለምሳሌ፦ «ገብቻለሁ። ሁለት ጊዜ የተከፈለበትን ደንበኛ ጉዳይ ተረክቤ በስሜ አድርጌዋለሁ። ፋይናንስ ገንዘቡን ልኳል ወይስ ገና ነው? መልስህን እስካገኝ ድረስ የይለፍ ቃል ጥያቄዎችን እይዛለሁ።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለም፤ ሌላው ገቢ ተረኛ አይቶት ወደ ሌላ ዓይነት ቲኬት ይሄዳል፤ ሁለት ሰው ለአንድ ደንበኛ የተለያየ መልስ ከመስጠትም ይድናል። ይህንን ከመጻፍዎ በፊት ግን መብራት ቢጠፋ የሚተካ የሞባይል ኢንተርኔት መዘጋጀቱን ያረጋግጡ፤ «ገብቻለሁ» ካሉ በኋላ ሌሎቹ በእርስዎ ተማምነው ይወጣሉና።

ወጪው ተረኛ ማስታወሻ ሳይተው ሄዶ መልስ የሚሰጥዎት ሰው ቢያጡ፣ ገንዘብ የሚነካ ምንም ነገር አያድርጉ። ቲኬቱን በስምዎ ያድርጉት፣ የፈረቃውን ኃላፊ በቻናሉ ላይ ስሙን ጠቅሰው ይጠይቁ፣ ለደንበኛውም ጉዳዩ ከፋይናንስ ጋር እየተጣራ እንደሆነና በስንት ሰዓት ተመልሰው እንደሚጽፉለት ይንገሩት። ያ ሰዓት ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም እንኳ ይጻፉለት፤ ፈረቃዎ ከዚያ ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነም የገቡትን ቃል ከነሰዓቱ በራስዎ የርክክብ ማስታወሻ ላይ አስፍረው ለተተኪዎ ያስተላልፉ።