ኤንዲኤ ከመፈረምህ በፊት፦ እኔን በ4 ገጽ ወረቀት የበላኝ ነገር

«ሰላም ቤተሰብ፣ ፍሪላንስ ዲቨሎፐር ነኝ። አንድ ድርጅት ሥራውን ሳያሳየኝ በፊት ኤንዲኤ የሚሉትን የምስጢር መጠበቂያ ውል ፈርም አለኝ። "ምስጢራዊ መረጃ" የሚለው ምን ምንን ነው? አንድ ቦታ 2 ዓመት ይላል፣ ሌላ ቦታ 5 ዓመት። ምስጢር አይደለም የሚባለውስ የቱ ነው? የመጀመሪያውን ገጽ ለጥፌዋለሁ። ልፈርም?»

ወንድሜ፣ አትፈርም አልልህም። ዛሬ ግን አትፈርም። እኔ የፈረምኩት ሥራ የሰጠኝ ድርጅት እንግዳ መቀበያ ጋ ቆሜ ነው። የሕግ ክፍሏ ሴትዮ እስክሪብቶ እያቀበለች «ስታንዳርድ ነው፣ ሁሉም ይፈርመዋል» አለችኝ። ላንብበው ስላት ሰዓቷን አየች። አፍሬ ፈረምኩ። ያ እፍረት ከ3 ዓመት ተኩል በኋላ የ200,000 ብር ደብዳቤ ይዞብኝ መጣ።

1. ትርጓሜውን አንብብ። ሁለት ዓይነት ነው። ጥሩው «ምስጢር» የሚል ምልክት የተደረገበትን ብቻ ይጠብቃል፣ በቃል የተነገረውን ደግሞ በተወሰነ ቀን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ30 ቀን፣ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልህ ያስገድዳቸዋል። ያኔ ምኑ ምስጢር እንደሆነ ታውቃለህ። የኔ እንዲህ አልነበረም። «በጽሑፍ፣ በቃል፣ በማየት ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ የተገኘ፣ ምልክት ያለውም የሌለውም፣ እንዲሁም በሥራው ሂደት የተዘጋጀ መረጃ ሁሉ» ይላል። የቴሌግራም ቮይሱም፣ መጋዘን ስንዞር ያየሁትም ገባ ማለት ነው። እሱስ ይሁን፣ የሰው ገበና ለማውራት ሐሳቡም የለኝም። ያቃጠለችኝ «በሥራው ሂደት የተዘጋጀ» የምትለዋ ናት። እኔ የሠራሁት ነገር እኔው ላይ ምስጢር ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የስቶክ ሲስተም ነው የምሠራው። በ2012 ለአንድ ትንሽ ፋርማሲ ስሠራ፣ የመድኃኒት ጊዜ ማለፊያ 90 ቀን ሲቀረው የሚያስጠነቅቅና ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድሞ እንዲሸጥ የሚያሳይ ሞጁል ጻፍኩ። በራሴ ላፕቶፕ፣ በራሴ ሌሊት። በመጋቢት 2013 ለነዚህ ሰዎች ስፈርም ያንኑ ሞጁል አምጥቼ ሲስተማቸው ውስጥ ከተትኩት። ለምን ከዜሮ እጽፋለሁ? ግን «ይሄ ቀድሞም የኔ ነው» ብዬ የትም አላሰፈርኩም። ሥራው አለቀ፣ ከፈሉኝ፣ ተለያየን። በ2016 ያንኑ ሞጁል ለሌላ ደንበኛ ሸጥኩት። ደንበኛው ደግሞ የነሱ ተፎካካሪ ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ደብዳቤ መጣ። ውሉ ውስጥ መቀጫ ተቆርጦ ነበር፣ 200,000 ብር። ዕዳ በሜዳ ማለት ይሄ ነው።

2. ከምስጢርነት ውጪ የሚሆኑትን ቁጠር። በደንብ በተጻፈ ኤንዲኤ ውስጥ ቢያንስ አራት ታገኛለህ፦ ያንተ ጥፋት ሳይኖር ሕዝብ ያወቀው፣ እነሱ ሳይነግሩህ በፊት የምታውቀው፣ የመስጠት መብት ካለው ከሌላ ሰው ያገኘኸው፣ የነሱን መረጃ ሳትጠቀም ራስህ የሠራኸው። ፍርድ ቤት ወይም ሕግ አስገድዶህ የምትሰጠው ደግሞ አለ። እሱ ግን መረጃውን ምስጢር ከመሆን አያወጣውም፣ ለጠየቀህ አካል ብቻ እንድትሰጥ ይፈቅድልሃል፣ ብዙ ጊዜም ቀድመህ ለድርጅቱ አሳውቅ ይላል። የኔ ላይ የነበሩት ሕዝብ ያወቀው እና ፍርድ ቤት ያዘዘው ብቻ ናቸው። «ቀድሞ የሚያውቀው» የለም። «ራሱ የሠራው» የለም። ለኔ የሚያስፈልጉኝ ሁለቱ ናቸው የጎደሉት! የተጻፈውን ስታነብ ያልተጻፈው አይታይህም፣ ለዚህ ነው ቁጠር የምልህ።

ቢኖሩም ደግሞ ጅራታቸውን እይ። «ተቀባዩ በጽሑፍ ማስረጃ ማሳየት ከቻለ» ይላል። አስረጂው አንተ ነህ ማለት ነው። እኔ ጊትሃብ ላይ የ2012 ኮሚት አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። የነሱ ጠበቃ ሳቀብኝ። «ኮሚት ላይ ያለው ቀን ከራስህ ኮምፒውተር የሚወሰድ አይደል? ትቀይረዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በአንድ ትእዛዝ ይቀየራል። ያዳነኝ ሌላ ነው። ለፋርማሲው ባለቤት ኮዱን ዚፕ አድርጌ በ2012 በኢሜይል ልኬላቸው ነበር። አባባ ኢሜይል የሚያጠፉ ሰው አይደሉም፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ከነቀኑ አገኙት። የሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ ያለ ቀን እንደ ራስህ ቀን አይናቅም።

የራሴ ጠበቃ (25,000 ብር በላ፣ ግን ሠርቷል) ሁለት ነገር ጻፈ። አንደኛ፣ ትርጓሜው የሚጀምረው «የሰጪው መረጃ» ብሎ ነው፣ ይሄ ግን ከመጀመሪያውም የሰጪው አልነበረም። ሁለተኛ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1738፦ ውሉ አጠራጣሪ ሲሆን ግዴታ ለገባው ሰው እንዲጠቅም ይተረጎማል። ከዛ በኋላ ዝም አሉ። ደብዳቤያቸውን አላነሱም፣ ይቅርታም የለም። አዲሱ ደንበኛዬ ግን ነገሩ እስኪለይ ብሎ ክፍያዬን 3 ወር ያዘብኝ።

3. ዓመቱ። አሁን ያንተ 2 እና 5። እኔም 2 ዓመት የምትለዋን አይቼ ነው በመጋቢት 2015 አበቃ ብዬ የተዝናናሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የውሉ ዕድሜ ነው፣ መረጃ የሚለዋወጡበት ጊዜ። መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ «ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ውሉ ካበቃ በኋላ ለ5 ዓመት ይቀጥላል» አለ። ደምረው። የኔ እስከ መጋቢት 2020 ነው። ያንተም እንዲሁ የሚደመር ሳይሆን አይቀርም። ከየት እንደሚቆጠር ማየት አለብህ፦ ከፊርማው ነው፣ መረጃው ከተሰጠበት ቀን ነው፣ ወይስ ውሉ ካበቃ? ከፊርማው 5 ዓመት ቢሆን ኖሮ እኔ በመጋቢት 2018 እገላገል ነበር። «የንግድ ምስጢር ግን ምስጢር እስከሆነ ድረስ» የሚል ካለም አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው፤ ብቻ የትኛው መረጃ የንግድ ምስጢር እንደሆነ በስም ይጻፉልህ። አለዚያ ሁሉም ዕድሜ ልክ ይሆናል።

4. ምን ልል ነበር... አዎ፣ ሂሳብ ሠራተኛ። የኔ ውል የውሉን መኖር ራሱ ምስጢር ብሎት ነበር። ግብር ሳሳውቅ ውሉን ለሂሳብ ሠራተኛዬ ማሳየት ፈራሁ። «ለጠበቃና ለሂሳብ ባለሙያ ማሳየት ይቻላል» የምትል አንድ መስመር አስጨምር፣ አይከለክሉህም።

አሁን የማደርገው ይሄን ነው። አባሪ አዘጋጃለሁ፣ አንድ ገጽ። ከዚህ በፊት የሠራኋቸው ሞጁሎች ስም፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር፣ የተሠራበት ወርና ዓመት። ኮዱን አላያይዝም። ከላይ «እነዚህና ማሻሻያዎቻቸው ምስጢራዊ መረጃ አይደሉም» ብዬ እጽፋለሁ፣ ሁለታችንም እንፈርምበታለን። ባለፈው አንዱ ድርጅት «እንዲህ ያለ ጠይቆን የሚያውቅ የለም» አለኝ። «እንግዲህ ጀመርኩላችሁ» አልኩ። ፈረሙ።

ደሞ አንተ ሰውዬ፣ የለጠፍከው ገጽ ላይ የድርጅቱ ማህተም ይታያል። ሦስተኛውን መስመር አየኸው? «ከመፈረሙ በፊት የተሰጠ መረጃን ጨምሮ» ይላል። ከፈረምክ ይሄ የለጠፍከው ገጽ ራሱ ሊገባበት ይችላል። ቶሎ አጥፋው፣ ስሙን ሸፍነህ መልሰህ ለጥፈው። የመጨረሻውን ገጽም ጨምርልኝ፣ አቆጣጠሩን አብረን እናየዋለን።