የ13 ዓመት ልጄ አንሶላ ላይ ያየሁት ነገር

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ጠዋት አንሶላው ላይ እድፍ አየሁ። ሽንት ይሆን? ወይስ ታሟል?»

አይዞሽ እህቴ፣ እንዳልሽው ከሆነ ህልመ ሌሊት ነው የሚመስለው። እድፉን በደንብ እዪው። ሽንት ከሆነ ሰፊ ቦታ ያርሳል፣ ይሸታልም። የዘር ፈሳሽ ግን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም፤ ያጣብቃል፣ ሲደርቅ ጨርቁን ጠንከር ያደርገዋል።

ጉርምስና ወንድ ልጅ ላይ የሚጀምረው የዘር ፍሬው ሲያድግ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ። የመጀመሪያው ፈሳሽ ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ወይም ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ስለዚህ 13 ዓመት ትክክለኛው ሰዓቱ ነው። በእንቅልፍ ልቡ ስለሚሆን ሊቆጣጠረው አይችልም፤ ህልም ማየትም የግድ አይደለም። አንዳንዱን ደጋግሞ ይመጣበታል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያውቀውም። አቅም ያሳጣል የሚባለው ወሬ ነው።

ሐኪም የሚያስፈልገው ደም ካየ፣ ሽንቱ ካቃጠለው፣ የዘር ፍሬው ካመመው ወይም ቀን ላይ መግል የመሰለ ነገር ከወጣው ነው። የዘር ፍሬ ድንገት በኃይል ካመመው ግን ለነገ አይባልም፤ ሊጠማዘዝ ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው።

ለልጁ ምን ልበለው ካልሽ፣ አንሶላውን ይዘሽ አትጠይቂው፤ ያፍራል። ሌላ ጊዜ ብቻችሁን ስትሆኑ «በዚህ ዕድሜ ሌሊት ፈሳሽ ይመጣል፣ ጤነኛ ነህ፤ አንሶላህን ራስህ ማጠቢያው ውስጥ ክተተው» በዪው። ከአባቱ ወይም ከአጎቱ መስማት ከቀለለው እነሱ ይንገሩት።