ከጡረታ ገንዘብ ውስጥ ወርቅ ስንት በመቶ ይሁን?

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ነው የምኖረው። የጡረታ ገንዘቤ 60 በመቶ አክሲዮን፣ 40 በመቶ ቦንድ ላይ ነው። ጓደኞቼ አክሲዮን ሲወድቅ ወርቅ ስለሚወጣ ሩቡን ወርቅ አድርገው ይሉኛል። ስንት በመቶ ልያዝ?»

ወንድሜ፣ ሩቡን አታድርግ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃሃል፤ ወርቅ ያዙ የሚሉ አብዛኞቹ አማካሪዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። 25 በመቶ ሲል የሚታወቀው አሜሪካዊው የኢንቨስትመንት ጸሐፊ ሃሪ ብራውን ነው። የእሱ አደላደል ግን አክሲዮኑም 25፣ የረጅም ጊዜ ቦንዱም 25፣ ጥሬ ገንዘቡም 25 ነው። ከዚያ ውስጥ ወርቁን ብቻ ነጥሎ አንተ ላይ መጫን ልክ አይደለም።

ጓደኞችህ የተሳሳቱት «ይወጣል» የሚለው ላይ ነው። በረጅም ዘመን ሲለካ የወርቅና የአክሲዮን ትስስር ዜሮ አካባቢ ነው። ይህ ማለት ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ እንጂ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል ማለት አይደለም። ድንጋጤው ሲበረታ እንዲያውም አብረው ይወድቃሉ፤ ጥሬ ገንዘብ የቸገረው ሁሉ የሚሸጥለትን ይሸጣልና። እ.ኤ.አ. በ2008 ወርቅ መጋቢት ላይ አንድ አውንስ 1,000 ዶላር ከነካ በኋላ በመኸሩ ወደ 700 ወርዶ ነበር። በመጋቢት 2020ም ከአክሲዮን ጋር ለቀናት አብሮ ወርዷል። ያገገመው ከዚያ በኋላ ነው።

እያንዳንዱን ዓመት በ100,000 ዶላር ጀምረህ እናስላው። አንዱ 60/40፣ ሌላው 54 አክሲዮን፣ 36 ቦንድ፣ 10 ወርቅ ይሁን። በ2008 የአሜሪካ አክሲዮን 37 በመቶ ወረደ፤ ቦንድ 5፣ ወርቅ ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ጨመሩ። 60/40 የያዘው 79,800 ይቀረዋል፤ ወርቅ ያለው 82,200 ገደማ። በ2022 አክሲዮን 18፣ ቦንድ 13 በመቶ ወረዱ፣ ወርቅ ባለበት ቆመ። 84,000 እና 85,600 ሆኑ። አሁን 2013ን ጨምርበት፦ አክሲዮን 32 በመቶ ወጣ፣ ቦንድ 2 ወረደ፣ ወርቅ 28 በመቶ ወደቀ። 118,400 እና 113,760! በሁለቱ ክፉ ዓመታት ወርቁ ያተረፈልህ 4,000 ገደማ ነው፤ በአንዱ ጥሩ ዓመት ያስቀረብህ ከ4,600 በላይ። ብዙ ሰው ወርቁን የሚሸጠው እንደ 2013 ባለው ዓመት ነው፤ ስለዚህ ድርሻህን በእንዲህ ያለ ዓመት ሳትሸጥ በምትችለው መጠን ወስነው።

ከቦንድ ጋር ያለው ነገር ይለያል። ከ2021 በፊት በነበሩት ዓመታት ወርቅን በዋናነት የሚመራው የዋጋ ንረት ከተቀነሰለት በኋላ የሚቀረው የወለድ መጠን ነበር፦ እሱ ሲወርድ ቦንድም ወርቅም ይወጣሉ። በ2022 ያ ወለድ በፍጥነት ቢወጣም ወርቅ አልወደቀም። አንዱ ምክንያት ማዕከላዊ ባንኮች በዚያ ዓመት ከ1,000 ቶን በላይ መግዛታቸው ነው፤ በ2023 እና በ2024ም ቀጥለዋል። ስለዚህ ከአንድ አሥር ዓመት የተወሰደ ትስስር ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም።

ራስህ መለካት ትችላለህ። ሰው የሚሳሳተው ዋጋን ከዋጋ ጋር ሲያነጻጽር ነው፤ ሁለቱም በዓመታት ውስጥ ከጨመሩ የሌለ ትስስር ያሳይሃል። በኤክሴል የየወሩን መጨረሻ ዋጋ ከ2ኛው መስመር ጀምሮ B (ወርቅ) እና C (አክሲዮን) ላይ አድርግ፣ ለውጡን በ D እና E አውጣ፣ ከዚያ በ36 ወር በ36 ወር ለካ፦

```
D3: =B3/B2-1
E3: =C3/C2-1
F38: =CORREL(D3:D38,E3:E38)
```

D3ን እና E3ን እስከ መጨረሻው ወር ጎትታቸው፤ ከዚያ F38ን ወደ ታች ስትጎትተው ቁጥሩ ከዜሮ በላይም በታችም ሲዋዥቅ ታያለህ።

ሻጮች ከ2000 የሚጀምር ሥዕል ብቻ ማሳየታቸው ያናድዳል። በጥር 1980 በ850 ዶላር የገዛ ሰው ያንኑ ዋጋ እንደገና ያየው በ2008 ነው፤ በመሃሉ በ1999 250 አካባቢ ደርሶ ነበር።

10 በመቶ ከያዝህ ድርሻው 12.5 ሲያልፍ ትርፉን ሽጠህ አክሲዮንና ቦንድ ግዛ፤ ከ7.5 ሲወርድ ጨምር። የማካካሻው ጥቅም የሚገኘው በዚህ ነው፣ ዝም ብሎ በመያዝ አይደለም። የ401ኬ ምርጫዎች ውስጥ የወርቅ ፈንድ ብዙ ጊዜ ስለማይኖር በአይአርኤ ውስጥ እንደ GLDM ያለ ወጪው ዝቅተኛ ፈንድ ያዝ። በተራ ሂሳብ ከያዝከው ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ትርፍ እስከ 28 በመቶ ግብር ሊጣልበት ይችላል፤ የአክሲዮን ጣሪያ 20 ነው። ከዱባይ የሚመጣውን የባለቤትህን ጌጥ ደግሞ እዚህ ስሌት ውስጥ አታስገባው፤ 21 ካራቱ 87.5 በመቶ ብቻ ወርቅ ነው፣ የእጅ ዋጋውም ሲሸጥ አይመለስም።