ቅጣቱን ከምን ጋር ነው የምታወዳድሩት?

ባለፈው ክረምት ከዋሽንግተን የመጣችው የእህቴ ልጅ እዚህ ለገጣፎ እቤቴ ቁጭ ብላ የባንክ ውሏን አሳየችኝ። የቤት ብድሯ 2 ሚሊዮን ብር ቀርቶታል። ወለዱ በዓመት 14 በመቶ ነው፤ ለመጨረስ 60 ወር ይቀራታል። ገንዘቡ በእጇ ስላለ ጠቅልላ ልትዘጋው ፈልጋለች። ውሉ ግን ብድሩን ከጊዜው በፊት የሚዘጋ ሰው ከቀሪው ዋና ብድር ላይ 3 በመቶ ቅጣት ይከፍላል ይላል። «አጎቴ፣ 60 ሺህ ብር እኮ ነው! ቀስ እያልኩ ብከፍል አይሻልም?» አለችኝ።

60 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ለብቻው ሲታይ ምንም አይነግረንም። ወደፊት ከምትከፍለው ወለድ ጋር ማስተያየት አለባት። እስካሁን የከፈለችው ወለድ ከሂሳቡ ይውጣ፤ እሱ አንዴ ሄዷል። የ2 ሚሊዮኑ ወርሃዊ ክፍያ 46,500 ብር ገደማ ነው። በ60 ወር ሲባዛ 2.79 ሚሊዮን ይመጣል። ስለዚህ የሚቀራት ወለድ 790 ሺህ አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 790 ሺህ ሲቀነስ 60 ሺህ ብሎ ይጨርሳል። ይሄ ልክ አይደለም። ብሩ ባንኩን ካልከፈለችበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። በቁጠባ 7 በመቶ ቢወልድላትስ? አብረን ሠራነው። 2 ሚሊዮኑን በ7 በመቶ አስቀምጣ ወርሃዊ ክፍያውን ከዚያው ብታወጣ፣ ገንዘቡ ወደ 50ኛው ወር ላይ ያልቃል። የቀሩትን ወደ 10 ወር የሚጠጉ ክፍያዎች፣ ማለትም 480 ሺህ ብር ገደማ፣ ከኪሷ ታወጣለች። የቅጣቱ 60 ሺህ በዚያው ወለድ 5 ዓመት ቢቀመጥ እንኳ 85 ሺህ ገደማ ቢደርስ ነው። ዛሬ መዝጋቱ በግልጽ ያዋጣታል።

ልጅቷን ይህን ያህል አስልቺ ብዬ የወተወትኳት እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። የእኔ ብድር 400 ሺህ ብር ቀርቶት 6 ወር ብቻ ነበረው፤ ወለዱና ቅጣቱ ከእሷ ጋር አንድ ነው። ከዕዳ ነጻ ልሁን ብዬ 12 ሺህ ቅጣት ከፍዬ ዘጋሁት። የሚቀረኝ ወለድ ግን 16,500 ብር ብቻ ነበር። ብሩን ቁጠባ ላይ ትቼ በየወሩ ብከፍል፣ ከግብር በፊት ወደ 8 ሺህ ብር ይወልድልኝ ነበር። ሲደመር ሲቀነስ 3,500 ብር ገደማ ከሰርኩ። በዚህ ወለድና ቅጣት ሚዛኑ የሚገለበጠው 9 ወር አካባቢ ሲቀር ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ መዝጋት ያዋጣል፤ ከዚያ በኋላ መጠበቅ።

ግን ሁለት ነገር መጀመሪያ አጣሩ። ቅጣቱ የሚሰላው ከምን ላይ ነው? ከቀሪው ዋና ብድር ነው ወይስ መጀመሪያ ከተበደራችሁት ሙሉ ገንዘብ? ሁለተኛው ከሆነ፣ ብድሩ ባለቀ ቁጥር ቅጣቱ ከቀሪው ዕዳ አንፃር እየከበደ ይሄዳል። ሌላው፣ ወለዱ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ነው ወይስ ገና ሲጀመር በሙሉው ገንዘብ ላይ ተደምሮ የተቆረጠ? ተደምሮ ከሆነና ቀድሞ ለሚዘጋ ወለድ ይቀነሳል የሚል አንቀጽ ከሌለ፣ ቀድማችሁ በመክፈል የምታተርፉት የለም። ባንኩ «ዛሬ ብዘጋ ጠቅላላ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ መልስ ይስጣችሁ። ከክፍያ ሰንጠረዡ ጋር አስተያዩት።

ገንዘባችሁ ገና ዶላር ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 2 ሚሊዮን ብር ለመዝጋት 35 ሺህ ዶላር ያስፈልግ ነበር። የምንዛሬው ገበያ ተከፍቶ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ፣ ያው ዕዳ ከ20 ሺህ ዶላር በታች ወረደ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የዘጋ ሰው 15 ሺህ ዶላር አጣ። ይህን የሚያክል ለውጥ ይደገማል ብዬ አልመክራችሁም። የምለው ከላይ ያለው ሂሳብ ብሩ በእጃችሁ ላለ ሰው ነው። የእህቴ ልጅ ብሩ አስቀድሞ እዚሁ ባንክ ስለነበር ይሄ አልነካትም።

እሷን ያዘገያት ሌላ ነገር ነበር። እኔን የወከለችበት ሰነድ «ክፍያ እንዲከፍል» ይላል እንጂ «ብድሩን እንዲዘጋና የቤቱን እግድ እንዲያስነሳ» አይልም። አዲስ ውክልና እስኪመጣ ሁለት ወር አለፈ፤ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ከ45 ሺህ ብር በላይ ወለድ ከፈለች።