«ማንም አይቀነስም» ልበላቸው?

«ጅማ ያለው የቡና ማበጠሪያችን 60 ሠራተኛ አለው። ለቀማና ማሸጊያን ልናዋህድ ነው። እንዳይደናገጡ ማንም አይቀነስም ልበላቸው?»

አይበሉ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው እንኳ ቢቀነስ፣ የቀሩት ከእንግዲህ የሚናገሩትን አያምኑም። «በተቻለ መጠን እንጠብቃችኋለን» ማለትም ያው ነው፤ ሰሚው ቃል እንደተገባለት ነው የሚይዘው።

ይልቅ የተወሰነውንና ያልተወሰነውን ለይተው ይንገሯቸው፦ «ሁለቱ ክፍሎች ይዋሃዳሉ፤ ይሄ ተወስኗል። ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ገና አልተወሰነም። የሥራ መደብ ሊቀነስ ይችላል። ዝርዝሩን ሰኔ 15 እነግራችኋለሁ።» ቀኑ ሲደርስ ገና ካልተወሰነም ቀርበው ያንኑ ይንገሯቸው። ዝም ካሉ ወሬው በየቡና ጠጡው ይቀድምዎታል።

ከስብሰባው በፊት ግን ቁጥሩን ያስሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ቅነሳው ከሠራተኛው 10 በመቶ፣ ማለትም በእናንተ ቤት 6 ሰው፣ ከደረሰ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር ግዴታ ነው። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ተቀናሽ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም አለ። ስለዚህ ስም ዝርዝር ይዘው አይግቡ፤ ምክክሩ የይስሙላ ይመስላል። የመስመር አለቆቹን ከስብሰባው አንድ ሰዓት ቀድመው ይንገሯቸው፤ ጥያቄው መጀመሪያ የሚወርደው እነሱ ላይ ነው። ኦሮምኛ የሚቀናው ሠራተኛ ካለም በዚያው ስብሰባ በኦሮምኛም ይነገር።